መልሱ ያልታሰበበት ታሪፍ

ለከተማችን የታክሲ ታሪፍ ለሚያወጣው መሥሪያ ቤት
ግልባጭ፦ ጠዋት ጠዋት ጀሞ ላይ ለሚሰለፍ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ታሪፍ ሲሰላ ባዶ መመለስም እንዲቆጠር ስለመጠየቅ

አምስት ዓመት ረዳት ነበርኩ፤ መሪ ከያዝኩ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ። አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው ከጀሞ በጀርመን አደባባይና በሳር ቤት አድርጎ ሜክሲኮ በሚወጣው መስመር ነው። ስለ ሌላው መስመር ሌላው ይጻፍ፤ እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ መጥታችሁ ጀሞ ቁሙ። ሰልፉ እስከ ኮንዶሚኒየሙ አጥር ይደርሳል። እኔ መኪናውን አስጠጋለሁ፤ ረዳቴ በሩን ይከፍትና "ጀርመን! ጀርመን ብቻ!" ይላል። ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት ዘንቢላቸውን እንደያዙ ጠጋ አሉና "የኔ ልጅ፣ ትናንት ሜክሲኮ ትል አልነበር እንዴ?" አሉት። "እማማ፣ ዛሬ ጀርመን ብቻ ነው።" "ከዚያስ?" "ከዚያ ሌላ ይይዛሉ።" ትንሽ አዩትና ገቡ። ምን ያድርጉ? እኔ በመስታወቱ እያየኋቸው ነበር፤ ቀና ሲሉ ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስኩ።

መቆራረጥ የምትሉት ይሄ ነው። ተሳፋሪው ስግብግብነት ይለዋል፤ እናንተ ደንብ መተላለፍ ትሉትና ትቀጡናላችሁ። ቅጣቱ አግባብ አይደለም አልልም። ግን እኔ ራሴ ደብተር ይዤ ሂሳቡን ስሠራው፣ ቆርጠህ ጫን ብሎ የሚመክረኝ ታሪፉ ራሱ ሆኖ አገኘሁት። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ያንን ሂሳብ ላሳያችሁ ነው።

ለስሌት እንዲቀል ክብ ክብ ቁጥር ልጠቀም። ከጀሞ ሜክሲኮ 10 ኪሎ ሜትር እንበለው፤ ደርሶ መልስ 20። ሞተሩ ደህና የሆነ ሚኒባስ በአንድ ሊትር ናፍጣ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንል 2 ሊትር ይበላል። ሊትሩ 120 ብር ከሆነ ነዳጁ 240 ብር ነው። ዋጋው ሲለወጥ ቁጥሩን ተክቶ መሥራት ይቻላል። ጎማ፣ ዘይት፣ የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ይህን ሁሉ ሰብስቤ በኪሎ ሜትር 5 ብር አደረግሁት፤ ለ20 ኪሎ ሜትር 100 ብር። ጎማው ሰው ኖረ አልኖረ ይበላል፤ ባዶ ሲሄድ ትንሽ ይቀልለዋል እንጂ አያርፍም።

የቀረው የሰዓት ሂሳብ ነው። የባለንብረቱ ገቢ፣ የኔና የረዳቴ የቀን አበል፣ ለኢንሹራንስ፣ ለቦሎና ለግብር በየቀኑ መቀመጥ ያለበት ሁሉ ሲደመር 2,880 ብር ይሁን። ለ12 ሰዓት ሥራ ሲካፈል በደቂቃ 4 ብር ይመጣል። መኪናው ቢሄድም፣ ተራ ላይ ቢቆምም፣ ሳር ቤት ላይ ቢዘጋበትም ያ 4 ብር ይቆጥራል። አንድ ደርሶ መልስ ከነመጫኛው 80 ደቂቃ ቢፈጅ 320 ብር ነው።

240፣ 100 እና 320 ሲደመር 660 ብር። የአንድ ምልልስ ወጪ ይህ ነው።

አሁን በስንት ሰው ይካፈል? ጋቢና ሁለት፣ ከኋላ ዘጠኝ፣ ከፋዩ 11 ነው። ሲሄድም ሲመለስም ሞልቶ ከሆነ 22 ሰው ይከፍላል፤ ለአንድ ሰው 30 ብር ይደርሳል። ታሪፍ በርቀት ብቻ ሲወጣ ሳይናገረው የሚገምተው ይህንን ነው፦ መኪናው በሁለቱም አቅጣጫ ሙሉ ነው ብሎ።

ጠዋት ግን ሰው የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ የሚሄድ ሰው ማን አለ? የሌሊት ጥበቃ የጨረሰ አንድ ሁለት ሰው፣ አልፎ አልፎ ዕቃ የያዘ ነጋዴ። 11 ሰው በ30 ብር 330 ብር ሰብስቤ ሜክሲኮ አራገፍኩ እንበል። ባዶዬን ስመለስ የደርሶ መልሱ ነዳጅና የመኪናው ድካም ብቻ 340 ብር ነው። 10 ብር ከኪሴ ጨመርኩ ማለት ነው፤ ገና የባለንብረቱ ገቢ አልተነሳም፣ የረዳቴ ቁርስ አልተነሳም። ማታ ደግሞ ተገልብጦ ይመጣል፦ ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ ሰልፍ፣ ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ ባዶ።

መቆራረጡ የሚመጣው ከዚህ ነው። የታሪፍ ሠንጠረዡ የመጀመሪያውን አጭር ርቀት በውድ፣ ቀጥሎ ያለውን በርካሽ ይሸጣል። ለምሳሌ እስከ 2.5 ኪሎ ሜትር 12 ብር፣ ከዚያ በየ2.5 ኪሎ ሜትሩ 6 ብር የሚጨምር ሠንጠረዥ እንያዝ። 10 ኪሎ ሜትር 30 ብር ይሆናል፤ ጀርመን እኩሌታው ላይ ነው ብንል 5 ኪሎ ሜትሩ 18 ብር። ጀሞ ላይ የተሳፈሩትን እናት ጀርመን አውርጄ ሌላ ታክሲ ካስያዝኳቸው በሁለት 18 ብር 36 ብር ይከፍላሉ። እኔም ጀርመን ዞሬ ከተመለስኩ 198 ብር ይዤ የምጨርሰው 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ነዳጁና ድካሙ 170። በባዶ ብመለስም 28 ብር ተረፈኝ። ከ10 ብር ኪሳራ 28 ብር ትርፍ ይሻላል፤ ያውም በግማሹ ጊዜ። አራት ትርፍ ሰው ሞተሩ ላይና በየወንበሩ መሃል ከጠቀጠቅሁ ደግሞ 72 ብር ይጨመርበታል። ትርፍ መጫን የሚባለው ነገር ለብዙ ሹፌር የባዶው መልስ ማካካሻ ነው። አደገኛ መሆኑን አልክድም፤ አንድ ቀን ጀርመን አደባባይ ጋ ፍሬን ስይዝ ሞተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ማርሹ ላይ ወድቆብኛል።

መነሻው ውድ የሆነው ያለምክንያት አይደለም። መሙላት ጊዜ ይወስዳል። ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ጀሞ ለመሙላት ሃያ ደቂቃ ብቆም በደቂቃ 4 ብር 80 ብር ሄደ፤ ሞላ ተብሎ ለወጣው ዘጠኝ ሰው ሲካፈል በሰው 9 ብር ገደማ ነው። ያን ጊዜ ሠንጠረዡ በመነሻው ላይ የጨመረው 6 ብር እንዲያውም ያንሳል። ጠዋት ግን ሰው በሩ ላይ እየተጋፋ አራት ደቂቃ አይፈጅም፤ 16 ብር ለ11 ሰው፣ በነፍስ ወከፍ 1 ብር ከ50። ሠንጠረዡ ግን ጠዋትም ያንኑ 6 ብር ይሰጠኛል። በቆረጥኩ ቁጥር ያልቆምኩበትን የመቆሚያ ዋጋ እሰበስባለሁ። አሥር ጊዜ ብትቀጡኝ አሥራ አንደኛውን የምሞክረው ለዚህ ነው።

ጭነት የታሪፉ አካል መሆኑን እናንተም ታውቁታላችሁ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ በግማሽ ጫኑ ተባልን፤ ታሪፉም በእጥፍ ሆነ። ርቀቱ ያው፣ ነዳጁ ያው፤ የተለወጠው የከፋዩ ቁጥር ብቻ ነበር። ያኔ የገባችሁ ነገር ለባዶው መልስ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ሄዶ 11፣ መልስ 0 ማለት እኮ በሁለቱም አቅጣጫ በግማሽ መጫን ነው።

ታዲያ ጠዋት 60 ብር ይክፈሉ እያልኩ ነው? አይደለም። እንዲያ ቢደረግ እነዚያ እናት ቤታቸው ይቀራሉ። ደግሞም ሁልጊዜ ባዶ አንመለስም፤ ሹፌር ሁሉ "ባዶዬን ነው የምመለሰው" ሲል እኔም ወንድሞቼን አውቃቸዋለሁ። ደብተሬ ላይ በአራቱ የሰልፍ ሰዓት ምልልሶች፣ ሁለቱ ጠዋት ሁለቱ ማታ፣ በመልሱ በአማካይ አራት ሰው አለ። ስለዚህ ከፋዩ 15 ነው፤ 660 ለ15 ሲካፈል 44 ብር። በቀኑ መሃል ደግሞ አራት ምልልስ እሠራለሁ፤ በያንዳንዱ አቅጣጫ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰው፣ 18 ከፋይ። ቀኑን ሙሉ ስደምረው ስምንት ምልልስ፣ ወጪ 5,280 ብር፣ ከፋይ 132 ሰው። ለአንድ ሰው 40 ብር ይመጣል። ወረቀቱ ላይ ባለው 30 እና እዚህ ባለው 40 መካከል ያለው 10 ብር ነው እንግዲህ በመቆራረጥ፣ በትርፍ ሰውና "ዝርዝር የለም" በሚል ጭቅጭቅ ከሕዝቡ ኪስ የሚወጣው። እናትየዋ 36 ብር፣ ሁለት ሰልፍና አርባ ደቂቃ ከፍለዋል። 40 ብር ከፍለው በአንድ መኪና ሜክሲኮ ቢወርዱ ይመርጡ እንደሆነ ጠይቋቸው። ምናልባት አይመርጡም፤ ግን እስካሁን የጠየቃቸው የለም።

ከፋይ ስል ግን ራስ መቁጠር እንዳይመስላችሁ። ጀሞ ተሳፍሮ ጀርመን የሚወርድና በሱ ቦታ ከጀርመን ሜክሲኮ የሚሄድ ሁለት ራስ፣ አንድ ሙሉ መንገድ ናቸው። እኔ በደብተሬ ያሰፈርኩት እንዲያ አድርጌ ነው። መስመሮች የሚለያዩትም በዚህ ነው። ከመገናኛ በአራት ኪሎ ፒያሳ በሚሄደው ላይ "ወራጅ አለ" የማይባልበት ፌርማታ የለም፤ አንድ ወንበር በአንድ ጉዞ ሁለት ጊዜ ይሸጣል፣ ሁለቱም ጊዜ በውዱ መነሻ ዋጋ። ከዳር የሚነሳ የኮንዶሚኒየም መስመር ላይ የተቀመጠ ሰው እስከ መጨረሻው አይነሳም። በኪሎ ሜትር እኩል የሆኑ ሁለት መስመሮች በገቢ እኩል አይደሉም ማለት ነው፤ ሹፌሩም ይህን ስለሚያውቅ ታፔላውን ገልብጦ ወደሚሻለው ይሸሻል።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። ታሪፍ ከማውጣታችሁ በፊት አስቆጥሩ። ብዙ ሰው አያስፈልግም፤ አንድ ሰው ጀሞ፣ አንድ ሰው ጀርመን፣ አንድ ሰው ሳር ቤት፣ ለአንድ ሳምንት። ሳር ቤት የሚቆመው ዋናው ነው፤ ከጠዋቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት ወደ ጀሞ በሚመለሰው በያንዳንዱ ታክሲ ውስጥ ያለውን ሰው ይቁጠር። እኛ ዋሽተን እንደሆነ እዚያ ይታወቃል። ሹፌር ባዶ ተመለስኩ ብሎ በተግባር ስምንት ሰው ይዞ ከሆነ በየፌርማታው ሲቆም ጊዜው ይረዝማል፤ በእውነት ባዶ የሆነው ግን ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ ያው ታርጋ ጀሞ ላይ በሰዓቱ ተመልሶ ይታያል። ቆጠራው አራት ሰው ካለ ታሪፉ በአራት ይሠራ። ስድስት ያገኘ ሹፌር ሁለቱ ለራሱ ይሁኑለት፤ እንዲያ ካልሆነ ባዶው ይከፈለኛል ብሎ ፌርማታ ላይ ቆሞ መጥራቱን ይተዋል።

ቀጥሎ የሰልፍ ሰዓቱ ሠንጠረዥ መነሻው ዝቅ፣ መንገዱ ከፍ ይበል። ለመነሻ 2 ብር፣ በየ2.5 ኪሎ ሜትሩ 9 ብር ከ50 ብናደርገው 10 ኪሎ ሜትር 40 ብር፣ 5 ኪሎ ሜትር 21 ብር ይሆናል። ሁለት ጊዜ የተቆረጠው 42 ነው። ከ11 ሰው በመቁረጥ የማገኘው 22 ብር ብቻ ይሆናል፤ እንደገና ለመጫን የማጠፋው 16 ብር ነው። ለ6 ብር ብሎ ከተቆጣጣሪ ጋር የሚጣላ ሹፌር ጥቂት ነው። ጀርመን ላይ አዙሮ መመለሱን ግን ይህ ብቻውን አያስቀረውም፤ አጭሩ መንገድ ላይ ሰው እስካለ ድረስ የሚያዞር አይጠፋም። እሱን ተራ አስከባሪዎች ጀሞ ላይ ለጀርመን የሚጭነውንና ለሜክሲኮ የሚጭነውን በየተራ በመለየት ሊይዙት ይችላሉ። ቀን ላይ ደግሞ የድሮው ቅርጽ ይመለስ፤ ያን ጊዜ የምንሸጠው መቆሙንም ነው።

ባዶውን በተሳፋሪ ላይ ብቻ መጫንም ግዴታ አይደለም። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ለሕዝብ ማመላለሻ የነዳጅ ድጎማ በቴሌብር የሚሰጥበት አሠራር መጥቶ ነበር። ድጎማ በሊትር ሲሰጥ ግን ቀጂውን እንጂ መንገዱን አያይም፤ ከመገናኛ ፒያሳ ሞልቶ የሚመላለሰውም፣ ጠዋት ጀሞ ድረስ ባዶውን የሚወጣውም እኩል ናቸው። ለጀሞ መስመር የሚታሰብ ገንዘብ ካለ ጠዋት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀሞ ደርሶ ተራ ለያዘ መኪና፣ በያንዳንዱ መድረስ ይታሰብ። ባዶው 10 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ናፍጣ ነው፤ 120 ብር። ይህ ለ11 ሰው ሲካፈል በያንዳንዱ ላይ ወደ 11 ብር የሚጠጋ ነው። የጠዋቷን ሰልፍ 44 ብር ወደ 33 የሚያወርደው ይህ አንድ ሊትር ነው።

ነዳጅ ሲጨምር ደግሞ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ቤንዚን በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ 31.74 ብር ነበር፤ በ2017 ጥር 101.47 ደረሰ። ዋጋው ሌሊት ተነግሮ አዲሱ ታሪፍ እስኪወጣ ባሉት ቀናት ረዳቱ "ነዳጅ ጨምሯል" ይላል፣ ተሳፋሪው "ታሪፍ አልወጣም" ይላል፣ መሃል ላይ እኔ እነዳለሁ። እዚህ ላይ ሁለታችንም አናውቅበትም። ናፍጣ በመቶ አሥር ቢጨምር፣ ከ120 ወደ 132፣ የምልልሱ ወጪ የሚጨምረው 24 ብር ነው፤ ከ660 ውስጥ። ለ15 ከፋይ ሲካፈል 1 ብር ከ60። በመቶ አሥር ታሪፍ ይጨመር የሚል ሹፌር ከሚገባው በላይ ይጠይቃል፤ ምንም አይጨመር የሚል ተሳፋሪም ከረዳቴ አበል ላይ እየቆረጠ ነው። ነዳጁ ከወጪው ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ ከታሪፉ ጋር አብሮ ቢለጠፍ ያንን ቀን ማስላት ይቻላል። ሳንቲም በሌለበት ከተማ 1 ብር ከ60 መሰብሰብ እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ጭማሪው ተጠራቅሞ 5 ብር ሲሞላ ይጨመር። እስከዚያ ድረስ የተጠራቀመውን ሁሉም ይወቀው።

ስትለጥፉም በኪሎ ሜትር አትለጥፉልን። "ከ5.1 እስከ 7.5 ኪሎ ሜትር" የሚል ወረቀት በር ላይ ለጥፌ ስንት ጊዜ ተከራክሬአለሁ። እማማ ከጀሞ ሳር ቤት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ምን ያውቃሉ? እኔስ ቆጣሪዬ ከሠራ ስንት ዓመቱ! ጀሞ–ጀርመን ይህን ያህል፣ ጀሞ–ሳር ቤት ይህን ያህል፣ ጀሞ–ሜክሲኮ ይህን ያህል ብላችሁ በፌርማታ ስም ጻፉት፤ የጠዋቱን በአንድ ረድፍ፣ የቀኑን በሌላ።

ደብተሬ የስድስት ሳምንት ነው፤ ረዳቴ በእርሳስ ስለጻፈው አንዳንዱ ገጽ ደብዝዟል፣ ሁለት ቀን ደግሞ መኪናው ጋራዥ ስለነበር ባዶ ነው። አንድ መኪና፣ አንድ መስመር ነው፤ ለከተማው ሁሉ ይበቃል አልልም። ቆጣሪ የምትልኩ ከሆነ ሰኞ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጀሞ ተራው ላይ አለሁ። ጋቢና አንድ ቦታ እይዝለታለሁ፤ ሲሄድ ይከፍላል፣ ሲመለስ ግን በነፃ ነው፤ ቦታ ሞልቷል።

ከጀሞ–ሜክሲኮ መስመር አንድ ሹፌር